ወደ ላይ የሸሸችው ቁጥር

ሰውየው የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ የሰዓት ማሰሪያ እየሰፋሁ ነበር፤ ልጄ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንገቱን ደፍቷል። ሱቃችን፣ ሱቅ ከተባለች፣ አሰላ ገበያ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲሠራባት ኖሮ ሲሞት ለልጁ ተወለት። እኔ የተማርኩት ትንሽ ነው፤ አማርኛውን እያዘገምኩ አነባለሁ፣ የፈረንጁን ፊደል በቅርፁ ካልሆነ አላውቀውም። ግን ከባሌ ጎን ተቀምጬ ባትሪ ስቀይርና የመጣ ሰዓት ስቀበል ብዙ ስለቆየሁ፣ ሰዓት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የቱን እንደማይ አውቃለሁ።

ሰውየውን ለየሁት። የመምህሩ የወንድም ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። መምህሩ ኦጎልቾ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አሰላ የገቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባሌ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ። እጃቸው ላይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልተለየች አንዲት የስዊስ ሰዓት አለች፤ ባትሪ የሌላት፣ እጅ ሲወዛወዝ ራሷን የምትሞላ።

«ልጅዎ ነው ባለፈው ወር የጋሼን ሰዓት የፈታው?» አለኝ። ሰላም እንኳ አላለም።

«አጥቦ ዘይት ቀባው እንጂ ምን ሆነ?»

«ፎርጅድ ሆነ።»

ልጄ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ በሰዓት ማስቀመጫው መስታወት ላይ አስቀመጠልን። ፎቶ ነው። የሰዓቱ ፊት፣ ጎኑ፣ የጀርባ ክዳኑ። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ክብ ተሠርቶበታል፣ አስተማሪ ስህተት ላይ እንደሚያደርገው። ፎቶውን አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ሰዓት ነጋዴ በቴሌግራም ልኮለት ነው፤ ነጋዴው እየከበበ መልሶለታል።

«ሰዓቱ ሦስቱም ቦታ ላይ ስህተት አለበት ነው ያለኝ» አለ። «ፊቱ ላይ የቀኗ ቁጥር በመስኮቷ መሃል አልገባችም፣ ተንጋዳለች። መሙያው ላይ የድርጅቱ ምልክት የለም። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል። ኦርጅናሉን ወስዳችሁ ቻይና የሠራውን ሰጣችኋቸው።»

መሙያ የምንለው በሰዓቱ ጎን ያለችውን፣ ይዘን የምናዞራትን ጉብታ ነው።

«የሰጡኝን ነው የመለስኩት» አለ ልጄ።

ሰውየው መስታወቱን፣ ውስጡ ከተደረደሩት ሰዓቶች በላይ፣ በጣቱ አንኳኳ። «እነዚህስ?»

 ልጄ ለጎረምሶች ብሎ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው፣ የትልልቅ ድርጅት ስም የተጻፈባቸው የውሸት ሰዓቶች ናቸው።

«ኮፒ ናቸው ብዬ ነው የምሸጣቸው» አለ። «ማንንም አላታለልኩም።»

«ታዲያ ኮፒ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ ማለት ነው።»

 ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ይኼ ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራኝ። «እናት፣ እኔ ትናንት ማታውኑ ፖሊስ ጋ ልሄድ ነበር። ጋሼ ናቸው አባቱን አውቀዋለሁ ብለው የያዙኝ። እስከ ነገ ማታ ኦርጅናሉ ቤታቸው ይግባ። ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ጣቢያ እንገናኛለን።»

«ሰዓቱን አምጣልንና እንየው» አልኩት።

«እንድትነኩት? ማስረጃ ነው፤ ቆልፌበታለሁ።»

«እሺ ፎቶውን ላክልን። ቀይ ያልተሠራበትን።»

ወደ ልጄ ስልክ ላከው። ከዚያ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

ልጄ ሥራውን ቀጠለ። ብሎኗን በመንቀሻ ያነሳታል፣ ትወድቅበታለች፣ ያነሳታል።  ሰፈራችን ያለ አንድ ልጅ በስልክ ስርቆት ተጠርጥሮ ታስሮ ስንት ጊዜ እንደቆየ አውቃለሁ፤ እናቱ ምሳ ሳጥን አንጠልጥላ በጣቢያው ግንብ ሥር ስትቀመጥ አብሬያት ተቀምጫለሁ። ሲወጣ ነጻ ነህ ተብሎ ነው የወጣው። ሥራ ግን ማንም አልሰጠውም። ሰዓት ሠሪ ደግሞ ስሙ አንዴ ከጠፋ ማን ንብረቱን አውልቆ ይሰጠዋል?

«ኢልማ ኮ» አልኩት፤ ስጨነቅ የእናቴ ቋንቋ ነው የሚመጣልኝ። «ልጄ፣ የሆነ ነገር ካለ ለእኔ ንገረኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን የሆነ ነገር?»

«ምንም። ካለ ነው ያልኩህ።»

«ስልኩ ያውልሽ» አለና ስልኩን ወደ እኔ ገፍቶ ወጣ። ተቀይሟል።

ብቻዬን ቀረሁ። ስልኩን አንስቼ ለመክፈት ፈራሁ። ሰው ፎቶ ማየት የሚፈራው ለምንድን ነው ብትሉኝ፣ እኔ የመምህሩን ሰዓት አውቀዋለሁ። ሌላ ሰዓት ከሆነ እለየዋለሁ። ከለየሁት ደግሞ ልጄን በሌብነት ለየሁት ማለት ነው።

ያ ሰዓት በየወሩ እጄ ላይ ይገባ ነበር። መምህሩ ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስሩት፤ ሰዓቱንም ቀኑንም። የፈረንጅ ሰዓት ግን የቀን ቁጥሩ እስከ ሠላሳ አንድ ነው፣ የእኛ ወር ሠላሳ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር መምህሩ ይመጣሉ፤ ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ መሙያውን ሳብ አድርጌ ሠላሳ አንድን የማሳልፍላቸው እኔ ነበርኩ። ጳጉሜ ሲመጣማ ባሌ ይስቅባቸው ነበር፤ «ጋሼ፣ ይኼን ሰዓት ስዊስ ድረስ ሄደው አሥራ ሦስተኛ ወር ያስጨምሩበት» ይላቸው ነበር።

ከፈትኩት።

መጀመሪያ ጎኑን አየሁ። መሙያው ባዶ ነው፣ ምልክት የለበትም፣ ለሰዓቱም ትንሽ ይወፍራል። ነጋዴው እውነቱን ነው፤ ድርጅቱ የሠራው መሙያ ጫፉ ላይ ምልክቱ ተቀርጾበት ይመጣል። እኔ ግን ይህቺን ወፍራም መሙያ ጣቴ ያውቃታል። ባሌ የገጠማት ናት። የድሮዋ ጠፍታባቸው መጥተው፣ አሰላ ውስጥ ከየት ይመጣል፣ ከሌላ ከሞተ ሰዓት ነቅሎ ነው የሠራላቸው። ትንፋሼ መለስ አለ። ወዲያው ደግሞ፣ ይኼን ማን ያምነኛል? የምስክርነት ቃሏን የምትሰጠው የተጠርጣሪው እናት፣ ሠራው የሚባለው ደግሞ የሞተ ሰው።

ክዳኑን አየሁ። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ እውነት ነው። በሁለት ጣቴ ፎቶውን ሰፋ አደረግሁት። የውሸት ሰዓት ላይ ጽሑፉ ላዩን ብቻ የተጫረ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስስ ነው። እዚህ ግን ዳር ዳሩ ላይ ፊደሉ ጠልቆ ይታያል፤ የሳሳው መሃሉ ነው፣ ክንድ ላይ የሚያርፈው፣ ላብ የሚበላው። መክፈቻው የሚገባባቸው ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ዙሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከፈተ ሰዓት የሚኖረው የጭረት ዓይነት አለ። ይኼም ቢሆን ማስረጃ አይደለም፤ ፎርጅድም ያረጃል። ልቤ ግን ትንሽ ረጋ።

ፊቱ ቀረ።

ጽሑፉን አየሁ። ባላነበውም ጠርዙን አያለሁ፤ ቀለሙ ዳር ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ አልተሰራጨም፣ ስል ነው። የሰዓት ምልክቶቹ እያንዳንዳቸው ከደቂቃዋ መስመር ጋር ገጥመው ቆመዋል። ጥሩ። ቁጥሯ ግን ተንጋዳለች። በመስኮቷ ውስጥ አሥራ ስድስት ወደ ላይ ሸሽታ፣ አናቷ ተቆርጧል።  የባሌ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ቀንን መሃል ማስገባት ያቃተው ፋብሪካ የስዊስ አይደለም ይል ነበር። ልጄ ሲያጥበው አበላሽቶት ይሆን? ወይስ የሌላ ሰዓት ፊት ነው? ወይስ…

ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩ። አንድ ሴትዮ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ይዛ መጣች፤ ማክሰኞ ነይ አልኳት፤ ማክሰኞ ማን ሱቁን እንደሚከፍት ሳላውቅ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንደገና ከፈትኩት።  የፊቱ ፎቶ ሁለት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። የመጀመሪያው ከጎን የተነሳ ነው፤ ነጋዴው አልታየኝም፣ ቀጥ አድርገህ አንሳልኝ ብሎት መሰለኝ፣ ሌላውን ክዳኑንና መሙያውን ካነሳ በኋላ ጨምሮታል። በመጀመሪያው ላይ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል አካባቢ ነው። በሁለተኛው አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ቁጥሯንም አየሁ። አንዱን እያየሁ ሌላውን፣ ሌላውን እያየሁ አንዱን። በመጀመሪያው አሥራ ስድስት በትንሹ ነው የሸሸችው። በሁለተኛው አናቷ ተቆርጦ ከሥሯ የሌላ ቁጥር ጥቁር ጫፍ ብቅ ብሏል።

የተንጋደደች ቁጥር በተንጋደደችበት ትቆማለች እንጂ አትሄድም። ይህቺ እየሄደች ነበር! ቀኑ እየተቀየረ ነው ያነሳት።

ነጋዴው ግን ከመስኮት የገባውን ፀሐይ አይቷል። የስዊስ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ይታሰራል ብሎ ስለሚያስብ፣ ፀሐይ እያለ አሥራ ሁለት የሚል ሰዓት ለእሱ እኩለ ቀን ነው፤ በእኩለ ቀን ደግሞ ቀን አይቀየርም፣ ስለዚህ ቁጥሯ ጠማማ ናት ብሎ ከበባት። የመምህሩ ሰዓት ቀን የሚቀይረው ማታ አሥራ ሁለት ላይ መሆኑን በምን ይወቅ? ቀን የሚገባው ከዋዜማው ማታ ነው ብለው እንዲያ ያስደረጉኝ ራሳቸው ናቸው። ያ የመምህሩ ቤት መስኮትም ወደ ምዕራብ ነው፣ ፀሐዩ የማታ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የብርጭቆው ጥላ እንደ ገመድ ተዘርግቷል።

«ተነስ» አልኩት ልጄን። «መምህሩ ጋ እንሄዳለን።»

«ምን ይዘን?»

«መክፈቻህን ያዝ። ሌላው ስልኩ ላይ አለ።»

መምህሩ ጋቢ ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባዶ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ሸፍነውታል። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ሰበሩ። የወንድማቸው ልጅ አልተነሳም።

«አመጣችሁት?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት፤ ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥኩ። «ይኼን ፎቶ ያነሳህበትን ሰዓት ስልክህ ያሳያል?»

«ያሳያል። ለምን?»

«የሁለቱንም ንገረኝ።»

እየተናደደ ነካካው። «አርብ፣ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት፤ ከሰዓት። ሌላው…» ቆመ። «አምስት ከሃምሳ አራት። በፈረንጅ ነው ይኼ።»

«በእኛ ማታ አሥራ አንድ ተኩልና ወደ አሥራ ሁለት። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እያቸው።»

ብዙ አየ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጄ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ትንፋሹ ተሰማኝ።

«ከፍ ብላለች» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። ከዚያ እንደገና ጠነከረ። «ይኼ ፎቶ ነው። ከጎን ስለተነሳ ሊሆን ይችላል።»

«እውነትህን ነው፣ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን አውጣውና እንየው።»

መምህሩን አያቸው። መምህሩ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከሻንጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሰዓቱ ቆሟል።

«ይኸው!» አለ። «ኦርጅናል ይቆማል?»

«ያልታሰረ ሰዓት ይቆማል» አለ ልጄ። «ራሱን የሚሞላው እጅ ላይ ሲሆን ነው። ሻንጣ ውስጥ ማን ያወዛውዘው?»

«ስጣት» አሉ መምህሩ፤ ከገባን መጀመሪያ የተናገሩት ነው።

ሰዓቱን አነሳሁት። ቁጥሯ አሥራ ስምንት ነው፣ ቀጥ ብላ፣ መሃል ላይ። ያቺ እሑድም ወሩ በገባ በአሥራ ስምንት ነበረች። ስምንት ሰዓት ላይ ነው የቆመው። መሙያውን አዙሬ ሞላሁት፣ ከዚያ ሳብ አድርጌ ማዞር ጀመርኩ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ሁላቸውም ጎንበስ ብለዋል። አሥራ ሁለትን አለፈ።

ቁጥሯ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አየሽ?» አለ ሰውየው። አንቺ ብሎ ነው ያናገረኝ፤ አክብሮቱን እንኳ ረሳው።

 እኔ የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ፤ በእውነት፣ ለአንድ አፍታ ልጄን በካቴና አየሁት። ከዚያ ጣቴ ነው ያስታወሰኝ። የቀን ቁጥር አሥራ ሁለትን ሁለት ጊዜ ስናልፍ አንዴ ብቻ ነው የምትሄደው፤ አንዱ የንጋት ነው፣ አንዱ የማታ። ስምንት ሰዓት ላይ የቆመው ሌሊት ከሆነ ያሳለፍኩት ንጋቱን ነው።

«ይኼ ጠዋቱ ነው» አልኩ። «ቆይ፣ አትቸኩል።»

እንደገና ዙር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።  አሥር ካለፈ በኋላ አሥራ ስምንት ቀስ ብላ ወደ ላይ መሸሽ ጀመረች። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልክ እንደ ፎቶው ሆነች። አሥራ ሁለት ላይ አናቷ ተቆረጠ፣ ከሥሯ ጥቁሩ ጫፍ መጣ፤ ትንሽ አሳልፌ ሳዞር ቀጭ አለችና አሥራ ዘጠኝ መሃል ላይ ተቀመጠች። ከምንም ጋር ያልተነካካች፣ እንደ ተሳለች።

መምህሩ ሳቁ። «አሥራ ዘጠኝ! ሰኞን አስገባሽብን፤ ገና እኮ አሥራ ሁለት አልሆነም።»

የወንድማቸው ልጅ ግን አልጨረሰም። «መሙያውስ? መሙያው ኦርጅናል አይደለም፣ ይኼን አትክጂም… አይክዱም።»

«አልክድም። አይደለም» አልኩ። «የገጠመው ባለቤቴ ነው።»

 የፈራሁት ይኼን ጥያቄ ነበር። ቃሌን የሚያቆሙልኝ መምህሩ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የትናንት ምሳቸውን የሚረሱ ሽማግሌ ናቸው። ዓይኔን እሳቸው ላይ ተከልኩ።

«የትኛው መሙያ?» አሉ።

«የሰዓቱ፣ ጋሼ። ምልክት የለውም።»

«ምልክቱ ኦጎልቾ ቀረ እንጂ!» አሉ። «ኳስ ሳጫውት ወደቀብኝ። ተማሪዎቹ ሣሩን እያበጠሩ ውለው አጡት። በመንቀሻ እያዞርኩ ስንት ጊዜ ቆየሁ፤ ከዚያ የዚህ ልጅ አባት ይቺን ወፍራሟን ገጠመልኝ። ለሽማግሌ ጣት ትመቻለች አለኝ። ያኔ ሽማግሌ አልነበርኩም፣ ተሰድቤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ የወንድማቸው ልጅ።

«አንተ ፎርጅድ ነው አልከኝ እንጂ መሙያውን መች ጠየቅኸኝ?»

ልጄ መክፈቻውን አወጣ። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልክፈተው። እሱ የማሽኑን ፎቶ ያንሳና ለነጋዴው ይላክለት። ይጨርስልን።»

ከፈተው። ሰውየው ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ስለ ማታው አሥራ ሁለትም በድምፅ ነገረው። መልሱ እስኪመጣ መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወረደ። ከዚያ የነጋዴው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ «እንደዚያማ ከሆነ ሰዓቱ ትክክለኛ ነው፣ ማሽኑ የራሱ ነው። እኔ በፎቶ እኩለ ቀን መስሎኝ ነው። መሙያው ግን የራሱ አይደለም፣ በእሱ ላይ ቃሌን አልቀይርም።»

«አትቀይር» አሉ መምህሩ ለስልኩ። «እኔም አልቀይረውም።»

የወንድማቸው ልጅ ተነስቶ ልጄን በትከሻው ነካው። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ጀምሮ ሳል አደረጋት። ልጄ «ችግር የለም» አለው፤ ችግር እንዳለ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ወደ ቤት ስንወርድ ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ተቀምጦ ብርዱ ያንገበግብ ነበር። 

«እማ» አለኝ ልጄ። «ፎቶውን መጀመሪያ ስትከፍቺ ምን ነበር የምትፈልጊው?»

ልዋሸው አልቻልኩም። «የአንተን እጅ።»

«አገኘሽው?»

«የአባትህን አገኘሁ።»

የያዝኩትን ዘንቢል ተቀበለኝ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ኮፒዎች አንድ በአንድ አውጥቶ በካርቶን ከተተና ከወንበሩ ሥር ገፋቸው። እኔ አውጣ አላልኩትም።

ወሩ ሲያልቅ መምህሩ ባጃጅ ይዘው መጡ። ክንዳቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዘረጉ። ሰዓቱን ፈታሁና ለልጄ አቀበልኩት። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ወፍራሟን መሙያ ሳብ አደረገ፣ ሠላሳ አንድን አሳልፎ አንድን መሃል ላይ አስቀመጠና ለእኔ ሳይሆን ለመምህሩ አሳያቸው።